ከድንገተኛ ክፍል መሰናበት ምንድን ነው?

«ምንም የለብህም ብለው ሸኙት፤ ሌሊት ባሰበት» የሚል ወቀሳ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጸሐፊ «ከባሰህ ተመለስ ማለት ከኃላፊነት መሸሽ ነው» ብለው ጻፉ። በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። መሰናበት «ድነሃል» ማለት አይደለም። የቀረውን ጥበቃ ቤተሰብ ሊረከበው ይችላል ማለት ነው።

ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ጎልማሳ እናስብ። ራሱን አልሳተም፤ አላስመለሰውም፤ ለሰዓታት ስንከታተለው ንቁ ነበር። እንሸኘዋለን። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ በራስ ቅሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ቀስ እያለ ይደማል። የተጠራቀመው ደም አንጎሉን እስኪጫነው ድረስ ሰውየው ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ሚስቱ ተረኛ ዘበኛ ትሆናለች። ተሰናባቹ ዘበኛ የትኛው በር እንደላላ ሳይናገር ቁልፍ አያስረክብም። የላሉት በሮች እነዚህ ናቸው፦ እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መወላገድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወርድ ውኃ መሰል ፈሳሽ፣ ግራ መጋባት፣ ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ወዲያውኑ መመለስ ነው። ዘበኛ ሌባውን ራሱ መርምሮ አይፈርድም፤ ጮኾ ሰው ይጠራል። በሽተኛው ደግሞ የራሱ ዘበኛ ሊሆን አይችልም፤ ግራ የተጋባ ሰው ግራ መጋባቱን አያውቅምና። እነዚህ ምልክቶች የተጻፉበትን የመሰናበቻ ወረቀት ለእርሱ ብቻ ሰጥተው የሚሸኙ ባልደረቦቼን የምወቅሰው ለዚህ ነው።

«እንዳይተኛ ጠብቁት» የሚለው ምክር ግን ስህተት ነው። ይተኛ። ሐኪሙ ቀስቅሱት ካለ ቀስቅሳችሁ ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት፤ በትክክል ከመለሰ መልሶ ይተኛ። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ብቻውን አይደር። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማትን ዕድል ሊጨምሩ ስለሚችሉ ይቅሩ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ይንገረን፤ የእርሱ ጉዳይ በዚህ መንገድ አይታይም። በአረጋውያን ላይ ደሙ ከሳምንታት በኋላም ሊታይ ይችላል። ጭንቅላቱ ላይ የተሰፋ ቁስል ካለው ክሩ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ይወጣል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀጠሮ ለዚህ ነው። የአደጋው ምልክት ከታየ ቀጠሮውን መጠበቅ የለም።

«ገባችሁ?» ስንል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ይህ ምንም አይነግረንም። እኔ ሚስትየዋን «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ቢያስመልሰው ምን ታደርጊያለሽ?» እላታለሁ። «እስኪነጋ ጠብቄ አመጣዋለሁ» ካለችኝ ያልገባት እርሷ ሳትሆን ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን መልሼ እቀበልና እንደገና እጀምራለሁ፤ «በዚያው ሌሊት መኪና ፈልጌ፣ ካጣሁም አምቡላንስ ጠርቼ አመጣዋለሁ» እስክትለኝ ድረስ አልሸኛቸውም።