የአስኳል መጠነ ቁስ ጉድለትና የትስስር ጉልበት፦ ሂሊየምን እንደ ምሳሌ

አንድ አስኳል የተሠራባቸውን ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ለየብቻ መዝነን ብንደምራቸው፣ ድምሩ ከአስኳሉ ይበልጣል። ይህ ልዩነት የመጠነ ቁስ ጉድለት ይባላል። ቅንጣቶቹ ሲጣመሩ ጉልበት ይወጣል። የጎደለው መጠነ ቁስ ከዚያ ጉልበት ጋር የሄደው ነው። አስኳሉን መልሶ ለመበታተን ያንኑ ያህል ጉልበት መስጠት ያስፈልጋል፤ የትስስር ጉልበት የሚባለውም ይኸው ነው።

ጅማ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና ችግሩ ቀመሩ ላይ ሆኖ አላየሁም። የሚያስቸግረው የቁጥሮቹ ምርጫ ነው። ስለዚህ ሂሊየም-4ን ቀስ ብለን እንሥራው።

ሂሊየም-4 ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አለው። በሰንጠረዥ ላይ የሚገኘው 4.002603 u የአስኳሉ ብቻ አይደለም። የሙሉው አቶም ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖችም አሉበት። ስለዚህ በፕሮቶን ፈንታ የሃይድሮጂን አቶምን 1.007825 u እንወስዳለን። ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚሆኑ ይጣፋሉ። ኒውትሮን 1.008665 u ነው።

```
2(1.007825) + 2(1.008665) = 4.032980 u
4.032980 - 4.002603 = 0.030377 u
```

ጉድለቱ ከድምሩ 0.75 በመቶ ነው። በቡና ሚዛን ብናስበው፣ ከ60 ኪሎ ጆንያ ላይ 450 ግራም ገደማ እንደ መጉደል ነው። በኬሚካል ለውጥ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድለት ፈጽሞ አይታይም።

አሁን ወደ ጉልበት እንቀይረው። 1 u ማለት 1.66054×10⁻²⁷ ኪሎ ግራም ነው። በብርሃን ፍጥነት ካሬ ስናባዛው 1.4924×10⁻¹⁰ ጁል ይሆናል። 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (MeV) ደግሞ 1.60218×10⁻¹³ ጁል ነው። ስናካፍል 931.494 እናገኛለን። ከዚህ በኋላ ኪሎ ግራምና ጁል ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

```
0.030377 × 931.494 = 28.30 MeV
```

ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቅንጣት 7.07 MeV ይደርሳል።

ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይመጣል። አንደኛው ማጠጋጋት ነው። ሃይድሮጂንንም ኒውትሮንንም 1.01፣ ሂሊየምን 4.00 ያለ ተማሪ ጉድለቱን 0.04 ያደርገዋል፤ መልሱም 37 MeV ይሆናል። ጉድለቱ የሚገኘው ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮችን በመቀነስ ስለሆነ፣ ስድስቱን አሃዝ እስከ መጨረሻው መያዝ ግድ ነው።

ሁለተኛው የባዶ ፕሮቶንን 1.007276 u ከሙሉ አቶም ጋር ማደባለቅ ነው። ያኔ 27.27 MeV ይወጣል። ከትክክለኛው በ1.02 ያንሳል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የሁለት ኤሌክትሮኖች ጉልበት ነው፣ እያንዳንዱ 0.511። መልስህ ከሚጠበቀው በፕሮቶኖቹ ቁጥር ሲባዛ 0.511 ያህል ካነሰ፣ ኤሌክትሮኖቹን ረስተሃል ማለት ነው። ለብረት-56 ይህ ስህተት 26 ጊዜ 0.511፣ ማለትም 13.3 MeV ይሆናል፤ ትክክለኛው የትስስር ጉልበት 492.3 ነው።