የሱቅ ርክክብ ቆጠራ ምንድን ነው?

የሱቅ ኃላፊ ሥራ ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር ዕቃውን ለሚተካው ሰው ቆጥሮ ያስረክባል። ቆጠራው የሚሰፍርበት ወረቀት የርክክብ ሰነድ ይባላል። ወረቀቱ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ኃላፊነቱ ከአስረካቢ ወደ ተረካቢ የሚያልፍበትን ሰዓት ቁርጥ አድርጎ ያሳያል። እስከዚያ ሰዓት የጎደለውን የሚጠየቀው አስረካቢው ነው። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን ተረካቢው።

ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለ እንበል። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኃላፊው ሊቀየር ነው። ጊዜው ለቆጠራ አይመችም። ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ሱቅ ዘግቶ ሳሙና መቁጠር ማንንም ያንገበግባል። ግን እየሸጡ መቁጠር አይሆንም። ማታ ሽያጩ ይቆማል፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ከሰነዱ ራስጌ ይጻፋል፤ ቆጠራው በማግስቱ ማለዳ ይጀመራል። ማታ የተራገፈና መዝገብ ያልገባ ጭነት ካለ ለብቻው ይቀመጣል። ከሌላው ከተቀላቀለ የሌለ ትርፍ ያሳያል።

ሰንጠረዡ ብዙ ዓምድ አያስፈልገውም። የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ በመዝገብ ከወጪ ቀሪ፣ በቆጠራ የተገኘ፣ ልዩነት፣ ምርመራ። ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚንቀው መለኪያን ነው። መዝገቡ ፓስታን በካርቶን ይዞ ቆጣሪው በእሽግ ከቆጠረ ሁለቱ አይገናኙም። 20 እሽግ ከሚይዘው ካርቶን አንዱ በግማሽ ተሸጦ ከሆነ «12 ካርቶን» ብሎ ማለፍ 10 እሽግ መደበቅ ነው። «11 ካርቶን ከ10 እሽግ» ተብሎ ይጻፋል።

ሲቆጠር አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። የመዝገቡ ቁጥር በዚያ ሰዓት ከፊታቸው ባይኖር ይሻላል። 64 መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው 62 ላይ ሲደርስ ዓይኑ የቀሩትን ሁለት ከየትም ፈልጎ ያመጣቸዋል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። ባለፈው ቆጠራ 40 ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ነበር። ከዚያ 120 ገባ፣ 96 በደረሰኝ ተሸጠ። ከወጪ ቀሪው 64 መሆን አለበት። በቆጠራ የተገኘው ግን 59 ነው። አምስት ጎደለ። አስረካቢው የዱቤ ደብተሩን ሲያወጣ ሦስት ጀሪካን ለደንበኛ በዱቤ ወጥቶ ደረሰኝ እንዳልተቆረጠለት ታየ። አንዱ ደግሞ ክዳኑ ተሰንጥቆ ፈስሷል፤ ባዶው ጀሪካን ጓዳ ውስጥ አለ። የቀረው አንድ መልስ የለውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ስለታወቀ ልዩነቱን ወደ አንድ ዝቅ አድርገው ይጽፋሉ። ሰነዱ ላይ መግባት ያለበት መዝገብ 64፣ ቆጠራ 59፣ ልዩነት 5 ጉድለት ነው። ማብራሪያው ምርመራ ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ «3 በዱቤ፣ ደብተሩ ታይቷል፤ 1 የፈሰሰ፣ ጀሪካኑ ታይቷል፤ 1 ምክንያቱ ያልታወቀ»። ያልታወቀውን አንድ ማን ይከፍላል የሚለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ቆጣሪዎቹ አይፈርዱም።

ጉድለትና ትርፍም አይጣፋም። ከአንዱ የልብስ ሳሙና ስድስት ጎድሎ ከሚመስለው ሌላ ዓይነት ስድስት ቢተርፍ፣ ሽያጩ ሲመዘገብ ስም ተምታቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሁለቱም በየመስመራቸው ይጻፋሉ። ዋጋቸው እኩል ካልሆነ ማጣፋቱ የብር ልዩነቱን ይውጠዋል።

የካዝናው ብርና ቁልፎቹም ተቆጥረው በዚያው ይሰፍራሉ። ከዚያ ፊርማ ነው። ይሉኝታ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። «ኧረ እንተዋወቅ የለም እንዴ፣ ፈርምና እንጨርስ» ይባላል። ተረካቢው ያልቆጠረው መደርደሪያ ካለ «አልተቆጠረም» ብሎ ይጻፍ እንጂ ዝም ብሎ አይፈርም። የማይስማማበት መስመር ካለም ከፊርማው በላይ ቅሬታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሰፍራል። አለመፈረም ግን አይጠቅመውም። ሱቁን ከከፈተና መሸጥ ከጀመረ በኋላ የቱ ጉድለት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የፊርማው ቦታ ይህን ይመስላል፦

ከላይ የተዘረዘረውን ዕቃ ከነልዩነቱ አስረክቤያለሁ።
የአስረካቢ ስም ________ ፊርማ ________ ቀንና ሰዓት ________

ከላይ የተዘረዘረውን ዕቃ ከነልዩነቱ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ።
የተረካቢ ስም ________ ፊርማ ________ ቀንና ሰዓት ________

የታዛቢ ስም ________ ፊርማ ________

«ከነልዩነቱ» የሚለው ቃል እንዳይዘለል። እሱ ከሌለ ተረካቢው 64 ጀሪካን ተቀብያለሁ ያለ ሊመስል ይችላል። ሁለቱም በየገጹ ግርጌ ይፈርማሉ፤ ገጾቹም «1 ከ4» እየተባሉ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበታል። ሰነዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለአስረካቢ፣ አንዱ ለተረካቢ፣ አንዱ ለባለቤቱ።