የአገልግሎት መቋረጥ ግምገማና አመራሩ

አንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ ምን እንደተፈጠረና ለምን እንደተፈጠረ ለመረዳት የሚደረግ ስብሰባ የድኅረ ክስተት ግምገማ ይባላል። ወቀሳን የሚያስቀረው አካሄድ ከአቪዬሽን ደኅንነት ብዙ ወስዷል፤ በሶፍትዌር ሙያ ይበልጥ የታወቀው ጆን አልስፖ እ.ኤ.አ. በ2012 ይሠራበት የነበረውን የኢንተርኔት ገበያ የኤትሲን አሠራር ከጻፈ ወዲህ ነው።

በዝርዝር ከተመዘገቡት ክስተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት በሆነው ጊትላብ ላይ የደረሰው ነው። አንድ መሐንዲስ ወደ ኋላ የቀረውን ተጠባባቂ የመረጃ ቋት ሲጠግን፣ ተጠባባቂው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ማኅደር አጠፋ። ስህተቱን አይቶ ትእዛዙን ሲያቆም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር።

ጥፋተኛ የሚፈልግ ግምገማ እዚህ ላይ ያበቃል። የተሻለው ጥያቄ ግን መጠባበቂያ ቅጂው የት ሄደ የሚለው ነው። ቅጂ የሚያወጣው `pg_dump` እትሙ 9.2፣ የመረጃ ቋቱ ደግሞ 9.6 ስለነበር ሥራው ይከሽፍ ነበር። ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም አስፈላጊው ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ስለነበር ማንም አላወቀም። ድርጅቱን ያዳነው ያው መሐንዲስ ከጥፋቱ ስድስት ሰዓታት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ያነሳው ቅጂ ነው። ወቀሳ ቢቀድም ኖሮ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጨርሶ ባልተነሳ ነበር።

ስብሰባውን የሚመራው ሰው በክስተቱ ውስጥ የነበረው ባለሙያ አለቃ ባይሆን ይመረጣል። አስቀድሞ ከሎግና ከቻት መልእክቶች የጊዜ ቅደም ተከተል ያዘጋጃል፤ ውይይቱም ከዚያ ይጀምራል። «ለምን አላስተዋልክም?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዚያች ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይህ ነበር?» ይላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰበብ፣ ሁለተኛው መረጃ ያመጣልና። አንድ ሰው «ማወቅ ነበረበት» ሲል መሪው «በምን ያውቅ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። በጊትላብ የሁለቱ ሰርቨሮች ስም የሚለየው በአንዲት አሃዝ ነበር፤ ከተያዙት እርምጃዎች አንዱም የትእዛዝ መስመሩ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳሉ በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነው።

«ለምን» እያሉ አምስት ጊዜ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ጊትላብም ተጠቅሞበታል። አንድ የምክንያት ሰንሰለት ብቻ ስለሚከተል ግን የሚነቅፉት ባለሙያዎች አሉ፤ ነቀፋው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት የዚህ ስብሰባ ጉዳይ አይደለም።

ግምገማው ከሸፈ የሚባልበት ግልጽ ምልክት «ከእንግዲህ እንጠንቀቅ» የሚል ውሳኔ ነው። የሚሠራ እርምጃ ባለቤትና ቀነ ገደብ አለው፣ የደከመ ሰው በሌሊት ቢሠራም ይጠቅማል። የጊትላብ ግምገማ ቅጂዎቹ ተመልሰው ይሠሩ እንደሆነ የመፈተሽ ኃላፊነት ለማንም እንዳልተሰጠ አሳይቷል፤ ስለዚህ ለሥራው ባለቤት መመደብ ራሱ ከእርምጃዎቹ አንዱ ሆነ።