እስከ 20 የሚቆጥር ልጅ ሦስት በግ መስጠት ሲያቅተው

«ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ እስከ 20 ይቆጥራል። ቁጥር ስላወቀ መደመር ልጀምርለት?»

አይጀመርለት፤ መጀመሪያ ይፈተሽ። ይህ ልጅ ለጊዜው በእርግጠኝነት የሚያውቀው እንደ መዝሙር በቃሉ የያዘውን የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ወላጅ ይህን ከቁጥር ዕውቀት ጋር ሲያምታታው ማየት በእውነት ያሰለቻል፤ የሚጎዳውም ልጁ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ 10 የእንስሳት አሻንጉሊቶች፣ ለምሳሌ በጎች፣ ፊቱ አስቀምጡና «አንድ በግ ስጠኝ» በሉት። በትክክል ከሰጠ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት ጠይቁት፤ ሲሳሳት አንድ ቀንሱ። አንዴ በዕድል ሊያገኘው ስለሚችል እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ። ሳይቆጥር አፍሶ የተሳሳተ ብዛት የሚሰጥ ከሆነ ያ ቁጥር ገና አልገባውም። አምስት ድረስ ቆጥሮ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ሲባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር ልጅም የመጨረሻው ቃል የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር አልተረዳም። በዚህ ዕድሜ ሦስት ወይም አራት ላይ መቆም የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም።

ሁለት በትክክል ሰጥቶ ሦስት ላይ ተሳሳተ እንበል። ወረቀት ላይ በረት ሳሉና ውስጡ 3 ክብ አድርጉ። ልጁ በእያንዳንዱ ክብ ላይ አንድ በግ ያስቀምጥ። ሲሞላ መጀመሪያ «ሦስት በጎች ገቡ» በሉ፤ ከዚያ አብራችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩን ከሚያየው ብዛት ጋር የሚያገናኝለት ይህ ነው። በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር አፉ ከጣቱ ቀድሞ አንዱን በግ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል ወይም ይዘለዋል። ስለዚህ አይጠቁም፤ እያንዳንዱን በግ አንስቶ ወደ በረቱ እያስገባ ይቁጠር። ይህን ሲለምድ በጎቹን በ3 ዝሆኖች፣ ቀጥሎ በ3 ጉንዳኖች ተኩ፤ እንስሳው ቢተልቅም ቢያንስም ሦስት ያው ሦስት መሆኑን ያያል። ክቦቹ በሌሉበት ወረቀት ላይም ሦስት በትክክል ማስገባት ሲችል ወደ አራት እለፉ።

«ጣቶቹን እየዘረጋ መቁጠር ልጁን ያሰንፈዋል።» አያሰንፍም፤ ይቁጠር።

«ፐዝል ቁራጩ በበዛ ቁጥር ልጁን ያጎብዛል።» ለጀማሪ 12 ቁራጭ ይበቃል፤ 24 የሚሰጠው ያንን ያለ እርዳታ ሲጨርስ ነው። ከብዛቱ ይልቅ ሥዕሉ ይወስናል። የሜዳ አህያ መንጋ የሞላበት ፐዝል 12 ቁራጭ ብቻ ቢሆንም ይከብዳል፤ ሁሉም ቁራጭ ጥቁርና ነጭ መስመር ነውና። አንበሳ፣ ቀጭኔና አዞ በየራሳቸው ቀለም የቆሙበትን ምረጡ። ልጁ ከፊት ይጀምር፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ ቀንድ። ሣሩና ሰማዩ መጨረሻ ይምጡ። ሲቸገር ቁራጩን ነጥቃችሁ አትግጠሙለት፤ «ይሄ የማን ጆሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቦታውን አግኝቶ አልገጥም ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁራጩ ተገልብጦ ወይም ዞሮ ነው፤ «እስቲ አዙረው» ማለት ይበቃል።