ኦድ ወደ መቶኛ ሲቀየር፦ የአወራራጁ ጭማሪ የት አለ?

በደብረ ብርሃን አንድ ውርርድ ቤት ለአንድ ጨዋታ «ከ2.5 ጎል በላይ» 1.75፣ «ከ2.5 ጎል በታች» ደግሞ 2.00 ኦድ ተሰጥቷል እንበል። ኦዱ ለተመደበ ለእያንዳንዱ 1 ብር፣ ያንኑ ብር ጨምሮ ለአሸናፊው የሚከፈለውን ስለሚያሳይ፣ በውስጡ ያለውን ዕድል ለማግኘት 1ን ለኦዱ ማካፈል ይበቃል፤ በዚህ መሠረት የመጀመሪያው 57.14 በመቶ፣ ሁለተኛው 50 በመቶ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ስለሚከሰት ትክክለኛ ዕድላቸው ተደምሮ 100 መሆን ሲገባው፣ እዚህ 107.14 ሆኗል፤ ከ100 በላይ ያለው 7.14 የአወራራጁ ጭማሪ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ይህን 7.14 ከተሰበሰበው ገንዘብ ለቤቱ የሚቀር ድርሻ አድርጎ ሲወስደው ነው። በ«በላይ» 800 ብር፣ በ«በታች» 700 ብር ቢመደብ፣ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ የሚከፈለው 1,400 ብር ስለሆነ ከ1,500 ብር ውስጥ 100 ብር ይቀራል። ይህ 100 ብር ከተከፈለው አንጻር 7.14 በመቶ ሲሆን፣ ከተሰበሰበው አንጻር ግን 6.67 በመቶ ብቻ ነው፤ እኔ ለተወራራጅ የሚጠቅመው ሁለተኛው ቁጥር ነው እላለሁ፣ ከመደበው ብር ምን ያህሉ እንደሚቀርበት የሚነግረው እሱ ነውና።

ጭማሪውን ለማውጣት ሁለቱን መቶኛዎች ለ1.0714 ስናካፍል 53.33 እና 46.67 እናገኛለን። ይህ ስሌት ግን አወራራጁ ጭማሪውን በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ምጣኔ እንደጫነ ይቆጥራል፤ በተግባር አንዱን ወገን ይበልጥ ሊጭነው ስለሚችል፣ ውጤቱ ግምት ነው። ማን ያሸንፋል በሚል ውርርድ ላይ ድምሩ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አቻ ያለ ሦስተኛ ውጤት ተረስቷል።