ግልጽ የህክምና ድጋፍ ጥሪ ምንድን ነው?

ቴሌግራምም ሆነ ፌስቡክ ስንከፍት በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፎቶ አለ፣ «ወገኖቼ ድረሱልን» የሚል አለ፣ ከስር የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ። ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ግን የለም። በሽታው ምን እንደሆነ፣ የት እየታከመ እንደሆነ፣ ሂሳቡ የማን እንደሆነም የለም። አንባቢው ወይ አዝኖ ይልካል ወይ ተጠራጥሮ ያልፋል።

ግልጽ የድጋፍ ጥሪ የምንለው የማያውቃችሁ ሰው አንብቦ ስንት እንደጎደላችሁ፣ ለምን እንደሆነና ብሩ ማን እጅ እንደሚገባ የሚያውቅበት፣ ከፈለገ የሚያረጋግጥበት፣ ባይሰጥም ጥፋተኛ ሳይባል የሚያልፍበት ጽሑፍ ነው። ክብሩም እዚያው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የታመመው ሰው ታሪኩ ሳይራቆት ሂሳቡ ብቻ ይገለጣል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ልሂድበት። የኩላሊት እጥበትን የመረጥኩት ጥሪዎች በብዛት የሚበላሹት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ቀዶ ጥገና አንድ ቀን ተሠርቶ ያልቃል፣ ዋጋውም በአንድ ወረቀት ይመጣል። እጥበት እንደዚያ አይደለም። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙ ሰው በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይሆናል። ይህ ደግሞ ንቅለ ተከላ እስኪያገኝ ወይም ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል። ብዙ ቤተሰብ አቅም ሲያንሰው ወደ ሁለት ቀን ያወርደዋል፣ ያን ጊዜ ፈሳሹ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

እንግዲህ «ለአባታችን እጥበት 500 ሺህ ብር ያስፈልጋል» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግረንም። ለስንት ወር ነው? ሲያልቅስ? መጀመሪያ የሚወሰነው ብሩ አይደለም፣ ጊዜው ነው። ሦስት ወር በሉ። በግምት አስራ ሁለት ሳምንት ማለት ነው፣ በሳምንት ሦስት ሲሆን 36 እጥበት።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ የናንተን ከምትታከሙበት ቦታ በፕሮፎርማ ታወጣላችሁ። አንዱ እጥበት 2,500 ብር ነው እንበል፣ 36ቱ 90,000 ይሆናል። ከዚያ ፊስቱላ አለ። ክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኝ ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፣ ለእጥበት ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል፣ እስኪደርስ ድረስ እጥበቱ አንገት ላይ በሚገባ ቱቦ ይካሄዳል፣ ቱቦው ደግሞ ኢንፌክሽን ስለሚያመጣ ፊስቱላው ባይዘገይ ይመረጣል። ለእሱ 25,000 ያዙ። የደም ማነስ መርፌውና ላብራቶሪው በወር 8,000፣ በሦስት ወር 24,000። ትራንስፖርቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ግን ከእጥበት የወጣ ሰው ደክሞት ታክሲ ተጋፍቶ መሄድ አይችልም። በቀን 400 ብር ቢሆን 14,400 ነው። ድምሩ 153,400 ብር።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። የሚቀጥለው መስመር ግን ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፦ በእጃችን ያለው። ልጆቹ 30,000 አዋጥተዋል፣ መሥሪያ ቤቱ 20,000 ሰጥቷል፣ እድሩ 10,000 ሰጥቷል እንበል። በጠቅላላ 60,000። ስለዚህ የጎደለው 93,400 ነው፣ የሚጠየቀውም ይኸው ብቻ። አንዳንዱ «አለን ካልን ማን ይሰጠናል?» ብሎ ይፈራል። እኔ ግን ቤተሰቡ ራሱ የቻለውን ያህል እንዳዋጣ ሳይ እጄ ቶሎ ይዘረጋል፣ የማውቃቸው ሰጪዎችም እንደዚሁ ናቸው። ጤና መድህን ካላችሁም ምን እንደሸፈነና ምን እንዳልሸፈነ ጻፉት። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

ማስረጃ ላይ ደግሞ ሰው ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ምንም አያሳይም፣ ሌላው የህክምና ፋይሉን በሙሉ አንስቶ ይለጥፋል። የሚበቃው ማህተምና ቀን ያለው ፕሮፎርማ እና ሐኪሙ የሰጠው አጭር የህክምና ማስረጃ ነው። ስትለጥፉት የካርድ ቁጥሩን፣ ስልኩንና የቤት አድራሻውን ሸፍኑት። የላብራቶሪ ውጤት ግን በፍጹም አትለጥፉ። እጥበት ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ ይደረጋል፣ ውጤቱም ከሌላው ጋር አብሮ በአንድ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይችላል። አባታችሁን ልታሳክሙ ብላችሁ ገበናውን አደባባይ ታወጡታላችሁ። አንዴ ከወጣ ደግሞ አይመለስም።

ጥሪው ህክምናው ውጭ ሀገር ነው የሚል ከሆነ ማስረጃው ሌላ ነው። «ህንድ መሄድ አለበት» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ይኑር፣ ከሚቀበለው ሆስፒታል የመጣ የዋጋ ግምት ይኑር፣ እዚህ ለምን እንዳልተቻለም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ስለተጀመረ አንባቢው «እዚህስ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ኩላሊት መግዛትም መሸጥም ደግሞ በህግ የተከለከለ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ጥሪው ላይ ብልጭ ካለ ዝለሉት።

ሂሳብ ቁጥሩ ጋ ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚሻለው በታካሚው ስም የተከፈተ ነው። ካልተቻለ የማን እንደሆነና ለታካሚው ምኑ እንደሆነ ይጻፍ፦ «ሂሳቡ የታላቅ ልጁ ነው፣ ታካሚው ባንክ መሄድ ስለማይችል።» ብሩ ብዙ ከሆነ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት የጋራ ሂሳብ ቢከፈት ቤተሰቡንም ከሐሜት ያድነዋል። የሂሳቡን ባለቤት ሙሉ ስም ከቁጥሩ ጎን አስቀምጡ። ምክንያቱም አጭበርባሪዎች እውነተኛ ጥሪ ገልብጠው ቁጥሩን ብቻ በራሳቸው ይለውጡታል፣ ፎቶውም ታሪኩም የናንተው ሆኖ ብሩ ሌላ ቦታ ይገባል። በባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር ስንልክ ከማጽደቃችን በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ስለዚህ ጥሪው ላይ «ስትልኩ ይህ ስም ካልመጣ አትላኩ» የሚል መስመር ጨምሩ። ሰጪም ከሆናችሁ ያንን ስም ሳታነቡ አትጫኑ።

ዘመድ ውጭ ካለ በብዛት ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ገጽ ይከፈታል። ኢትዮጵያ ብሩ በቀጥታ ከሚገባባቸው ሀገሮች ውስጥ ስለሌለች ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ያለው ሰው ሂሳብ ውስጥ ነው። ይህ መደበቅ የለበትም። ገጹ ላይ ማን እንደከፈተው፣ ለታካሚው ምኑ እንደሆነ፣ ብሩን በምን መንገድ እንደሚልክ ይጻፍ፣ ሲልክም ደረሰኙን ያሳይ። ክፍያውም ይነገር። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። 10 ዶላር የሰጠ ሰው ያደረሰው 9.41 ነው። ሦስት ጓደኛሞች ለየብቻ አስር አስር ከሚሰጡ አንዱ ሰብስቦ ቢሰጥ ትንሽ ይተርፋል።

አጻጻፉስ? እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«አባታችን 58 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ካለፈው ወር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያደርጋል። የሚቀጥለው ሦስት ወር ወጪ 153,400 ብር ነው፣ ዝርዝሩ ከስር አለ። እኛ ልጆቹ፣ መሥሪያ ቤቱና እድራችን 60,000 ሸፍነናል። የጎደለን 93,400 ነው። ይህን ጽሑፍ አባታችን አንብቦ ፈቅዷል፣ ፎቶውን ግን እንዲወጣ አልፈለገም። መስጠት የማትችሉ ከሆነ ምንም ቅር አይለንም።»

በቃ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «በእናታችሁ»፣ «ሼር ያላደረገ ሰው አይደለም»፣ «አይታችሁ አትለፉ» የሚሉት ሰውን አስጨንቀው ብር ያስወጣሉ፣ ግን የሰጠው ሰው ሁለተኛ አይመለስም። «24 ሰዓት ብቻ ቀረው» የሚለውም እንዲሁ። እውነተኛ ቀነ ገደብ ካለ ምክንያት አለው፦ «ሐኪሙ ፊስቱላው በዚህ ወር ውስጥ እንዲሠራ አዟል» ብላችሁ ጻፉት፣ ሰው ይገባዋል። ፎቶው ላይ ደግሞ የሚወስነው ታካሚው ነው። ከበሽታው በፊት የተነሳው፣ ልብሱን ለብሶ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ ይበቃል። ልጅ ከሆነ ታማሚው የበለጠ ተጠንቀቁ፣ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ይጠብቀዋል።

ጥሪው ከተለጠፈ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀረው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ወስናችሁ ሂሳብ አሳውቁ። በምሳሌያችን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲህ ይሆናል፦ ከሰው የገባ 41,700፣ ከቤተሰብ፣ ከመሥሪያ ቤትና ከእድር ከነበረው 60,000 ጋር 101,700። የወጣ፦ ስድስት እጥበት 15,000፣ ፊስቱላ 25,000፣ መድኃኒትና ላብራቶሪ 6,300፣ ትራንስፖርት 2,400፣ ድምሩ 48,700። በእጅ ያለ 53,000። ገና የሚቀረን 51,700። ከአምስት መስመር አይበልጥም፣ የደረሰኞቹ ፎቶ አብሮ ይውጣ፣ የታካሚው ቁጥር ተሸፍኖ። የሰጪዎችን ስም ሳይፈቅዱ አትዘርዝሩ።

የጎደለው ሲሞላ «ሞልቷል፣ አሁን አትላኩ» ብሎ መለጠፍ ያስፈልጋል። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ጥሪ መውጣቱ ላይቀር ይችላል፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው በሥርዓት መዘጋቱን ያዩ ሰዎች አሉ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ሰውየው ቢያርፍስ? ብሩ ቢተርፍስ? ከሐዘን በኋላ መነጋገር ለቤተሰብ ስቃይ ነው፣ ለዘመድም የጠብ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገና ሲጀመር አንድ መስመር ይግባ። «ገንዘብ ከተረፈ እዚያው ማዕከል ለሚታጠቡ ሌሎች ህሙማን በማዕከሉ ሂሳብ በኩል እንከፍላለን» ሊሆን ይችላል። ወይም «ያለብንን የህክምና እዳ ከፍለን የቀረውን እንሰጣለን» ሊሆን ይችላል። የትኛውም ያስኬዳል፣ ግን አባታችሁ በሕይወት እያለ፣ እሱም ሰምቶት ይጻፍ።