የሕፃናት አንጎል ግንኙነቶች መከርከም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንጎል ግንኙነቶቹን በዕድሜ እያጣ ከሄደ ልጁ ሲወለድ የነበረው አቅም እየባከነ ነው።»

የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው መገናኛዎች ሲናፕስ ይባላሉ። የሕፃናት ነርቭ ሐኪም የነበሩት ፒተር ሃተንሎከር ከሟቾች የተወሰደ የአንጎል ክፍል በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ እነዚህን መገናኛዎች ቆጥረው ነበር። እይታን በሚያስተናግደው ክፍል ቁጥራቸው በ8 ወር ገደማ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ፣ እስከ 11 ዓመት ድረስ 40 በመቶ ያህሉ ይወገዳል። ዕቅድንና ራስን መግዛትን በሚመራው የግንባር ክፍል ግን መከርከሙ ዘግይቶ የጉርምስናን ዘመን ሁሉ ያካልላል። የሚቀሩት አዘውትረው አብረው የሚሠሩት ሲሆኑ፣ ሥራ ያጡት ይነሣሉ። ትርፍ መገናኛ መያዝ ብልጫ አለመሆኑን ከሚያሳዩት አንዱ ፍራጃይል ኤክስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ ዕድገት ችግር ነው፤ በዚህ ሕመም የነርቭ ሴሎቹ በሲናፕስ መልእክት የሚቀበሉባቸው እሾህ መሰል ጥቃቅን ጉጦች ከተለመደው በዝተው፣ ግን ሳይጎለምሱ ይገኛሉ።

«የልጁ ዓይን ሲያድግ ይስተካከላል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ እናሳየዋለን።»

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ወሳኝ የዕድገት ጊዜ የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንጎል ተገቢውን ልምድ ሳያገኝ ካለፈ በኋላ ለማካካስ የሚከብድ የዕድሜ ክልል፣ በማያሻማ መልኩ የተረጋገጠው በእይታ ላይ ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሂዩብል እና ቶርስተን ዊዝል በኋላ የ1981 የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ሥራቸው የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ሸፍነው አቆዩ። ሲገልጡት ዓይኑ ራሱ ደኅና ነበር፤ ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ለእርሱ ምላሽ የሚሰጥ ሴል እምብዛም አልተገኘም። ግልገሎቹ በተወለዱ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ጥቂት ቀን መሸፈኑ ብቻ ይበቃ ነበር፤ በአደገች ድመት ላይ ግን ከዓመት በላይ ቢሸፈንም ይህ አልደረሰም። ሁለቱም ዓይኖች አብረው ሲሸፈኑ ደግሞ ጉዳቱ ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው መከርከሙ ፉክክር መሆኑን ነው፤ የሚያየው ዓይን የማያየውን ቦታ ይወስዳል።

አሁን በአንድ ዓይኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን እንውሰድ። ሞራው በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ ከተነሣ ጥሩ እይታ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን ጅምር ብቻ ነው፤ የተነሣውን ሌንስ የሚተካ ኮንታክት ሌንስ ወይም መነጽር ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ጤነኛው ዓይን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት፣ ለዓመታት እየተሸፈነ ይቆያል። ወላጆች «ደኅናውን ለምን እንሸፍናለን?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያው ፉክክር ነው።

ቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር መታየት፣ ወይም በፍላሽ በተነሣ ፎቶ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ መውጣቱ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላልና። አንዱን ዓይን ስንሸፍን ሕፃኑ ዝም ብሎ፣ ሌላውን ስንሸፍን ተነጫንጮ እጃችንን የሚገፋ ከሆነ፣ የተገፋንበት ዓይን የሚያየው ነው። ከ4 ወር በኋላ የሚቀጥል መንሸዋረርም መታየት አለበት። ለዘገየ ልጅ ግን ተስፋ አይቆረጥም፤ በመንሸዋረር ወይም በሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር ልዩነት የደከመ ዓይን ሕክምናው ከ7 ዓመት በፊት ቢሻልም፣ እስከ 12 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ የሚሻሻል አለ።

«ከሦስት ዓመት በኋላ የአንጎል በር ስለሚዘጋ ፊደልና ቁጥር ከዚያ በፊት መግባት አለበት።»

ለእይታ የተረጋገጠውን ለንባብና ለሒሳብ ማዋስ ስሕተት ነው። ማንበብ በጎልማሳነትም ይለመዳል፤ መሠረተ ትምህርት የተማሩ አያቶቻችን ምስክር ናቸው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን ፊደል አልለየም ብሎ መጨነቅ፣ ያውም ዓይኑና ጆሮው ሳይመረመሩ፣ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ይመስለኛል።

«ቋንቋን ግን ቪዲዮ ከፍተን ብናስቀምጠው ይይዘዋል።»

ለቋንቋ ድምፆች የሚመች ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። ተመራማሪዎቹ ጃኔት ዌርከር እና ሪቻርድ ቲስ በ1984 እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝኛ የሚያድጉ ሕፃናት በ6 ወር አካባቢ የሚለዩትን የሕንድኛ ድምፅ ልዩነት በዓመታቸው አካባቢ መለየት ይከብዳቸዋል። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን አማርኛን ዘግይተው ሲጀምሩ «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ሊቸገሩ የሚችሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልምምድ ግን ያሻሽለዋል። ፓትሪሺያ ኩል እና ባልደረቦቿ በ2003 የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ከማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር በ12 ክፍለ ጊዜ እንዲጫወቱ አደረጉ፤ ሕፃናቱም የቋንቋውን ድምፅ ለዩ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ያዩትና በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምታሳድግ እናት አማርኛን ለሕፃኗ ለማቆየት ከፈለገች፣ ስታጥበውና ስታበላው ራሷ ብታነጋግረው ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።